ባህንካርድ ዋጋውን የሚመልሰው መቼ ነው? ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

«በጀርመን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለባቡር ያለ አግባብ ገንዘብ እናፈስሳለን። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ ሰው ሳያመነታ ባህንካርድ 50ን ይግዛ፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቲኬት በግማሽ ዋጋ ነው። ባህንካርድ 25 ግን ቅናሹ ትንሽ ስለሆነ፣ በተለይ ርካሽ ቲኬት አስቀድሞ ለሚገዛ ሰው፣ ጥቅም የለውም። የዶይችላንድ ቲኬት ያለው ደግሞ ጨርሶ ካርድ አያስፈልገውም። ካርዱ አንዴ ከተገዛ በኋላ በተጓዝን ቁጥር ትርፋችን እየጨመረ ይሄዳል።»

ጸሐፊው ይህን ምክር የሰጡት የወገናቸውን ኪስ ለማዳን አስበው እንደሆነ ከአቀራረባቸው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ምክሩን እንደ ወረደ የተቀበለ ሰው፣ ምንም ካርድ ባይገዛ ኖሮ ከሚያወጣው የበለጠ ገንዘብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መመለስ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው የካርድ ዋጋዎች ዕድሜያቸው ከ27 እስከ 64 ዓመት ለሆነ ተጓዦች፣ ለሁለተኛ ማዕረግ፣ የጀርመን የባቡር ድርጅት የሆነው ዶይቼ ባህን ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ያስከፈላቸው ናቸው፤ የቲኬትን ዋጋ በሩብ የሚቀንሰው ባህንካርድ 25 በዓመት 62.90 ዩሮ፣ ባህንካርድ 50 ደግሞ 244 ዩሮ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአራት ጉዞውን መለኪያ እንመልከት። ቅናሹ የሚሰላው ከቲኬቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ ስለሆነ፣ ካርዱ ዋጋውን መመለስ አለመመለሱን የሚወስነው ያለ ካርድ ለቲኬት የምናወጣው ጠቅላላ ገንዘብ እንጂ የጉዞው ብዛት አይደለም። ከማንሃይም ፍራንክፈርት ደርሶ የሚመለስና ከሃምቡርግ ሙኒክ ደርሶ የሚመለስ ሰው እኩል አንድ ጉዞ ሄደዋል፤ ለቲኬት ያወጡት ገንዘብ ግን ጨርሶ አይገናኝም። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የካርዱን ዋጋ ለቅናሹ ማካፈል ነው። 62.90 ዩሮ ለሩብ ሲካፈል 251.60 ዩሮ ይመጣል። ስለዚህ ባህንካርድ 25 ዋጋውን የሚመልሰው በካርዱ አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ የካርዱ ቅናሽ ሳይታሰብ 251.60 ዩሮ የሚያወጡ ቲኬቶችን ለገዛ ሰው ነው። ያንን በሁለት ጉዞ የሚደርስበት አለ፤ በስምንት ጉዞም የማይደርስበት አለ።

በባህንካርድ 50 ማንኛውም ቲኬት በግማሽ ዋጋ ነው የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የምክሩ ዋና ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዶይቼ ባህን ለረጅም ርቀት ባቡሮቹ የሚሸጣቸው ቲኬቶች በዋናነት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ፍሌክስፕራይስ ሲሆን፣ በጉዞው ቀን በፈለጉት ባቡር ለመሳፈር ያስችላል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሁለተኛው ወገን ሽፓርፕራይስና ሱፐር ሽፓርፕራይስ የሚባሉት ርካሽ ቲኬቶች ናቸው፤ እነዚህ ከተመረጠው ባቡር ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ቁጥራቸውም በየባቡሩ የተወሰነ ስለሆነ ባቡሩ በሞላ መጠን እየተወደዱ ይሄዳሉ። ባህንካርድ 50 በግማሽ የሚቀንሰው ፍሌክስፕራይስን ብቻ ነው። በሽፓርፕራይስና በሱፐር ሽፓርፕራይስ ላይ የሚሰጠው ቅናሽ 25 በመቶ ነው፤ ይህም በ62.90 ዩሮ የሚገኘው ባህንካርድ 25 ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው። የመቀመጫ ማስያዣ ክፍያ ደግሞ በየትኛውም ካርድ አይቀነስም።

ካርዱ ሁሉን ነገር በግማሽ ይቀንሳል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ባህንካርድ በኦክቶበር 1992 ሲጀመር መደበኛውን ዋጋ በግማሽ የሚቀንስ ካርድ ነበር፤ በዘጠናዎቹ ወደ ጀርመን የመጡ ታላላቆቻችን የሚያውቁትም እርሱን ነው። በዲሴምበር 2002 ድርጅቱ የዋጋ ሥርዓቱን ሲለውጥ የግማሽ ዋጋው ካርድ ቀረ፤ ሕዝቡ አጥብቆ በመቃወሙም በኦገስት 2003 ተመልሶ መጣ። ካርዱ ቢመለስም በዙሪያው ያሉት ርካሽ ቲኬቶች እየበዙ ስለሄዱ፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚገዛውን ቲኬት በግማሽ የሚቀንስ ካርድ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ሁለቱን ካርዶች እርስ በእርስ እናወዳድር። ጸሐፊው ባህንካርድ 50ን ያነጻጸሩት ካርድ ከሌለው ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ግን ባህንካርድ 25 የያዘ ሰው ነው። በዋጋ ረገድ ሁለቱ የሚለያዩት በ181.10 ዩሮ ነው። በጥቅም ረገድ የሚለያዩት በፍሌክስፕራይስ ላይ ባለው ተጨማሪ 25 በመቶ ብቻ ነው። 181.10 ለሩብ ሲካፈል 724.40 ይመጣል። እንግዲህ ባህንካርድ 50 ከባህንካርድ 25 የሚሻለው በዓመት ውስጥ ከ724.40 ዩሮ በላይ የሚያወጣ የፍሌክስፕራይስ ቲኬት ለሚገዛ ሰው ነው። በሽፓርፕራይስ የቱንም ያህል ቢጓዝ፣ ሺህ ዩሮም ቢያወጣ፣ ያ ገንዘብ በዚህ ምርጫ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም፤ ሁለቱም ካርዶች ለእርሱ የሚሰጡት እኩል ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ባህንካርድ 50 በፍሌክስፕራይስ ብቻ ለሚጓዝ ሰው 488 ዩሮ ላይ «ዋጋውን ይመልሳል»፤ 244 የ488 ግማሽ ነውና። ዓመቱን በ600 ዩሮ ፍሌክስፕራይስ የተጓዘ ሰው፣ ካርዱ ወጪውን ሸፍኖ 56 ዩሮ ስላተረፈለት ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ባህንካርድ 25 ይዞ ቢሆን ኖሮ ቅናሹ 150 ዩሮ ስለሚሆን፣ የካርዱ 62.90 ሲቀነስ 87.10 ዩሮ ይተርፈው ነበር። ከ488 እስከ 724.40 ባለው ክልል ውስጥ ትልቁ ካርድ ዋጋውን እየመለሰም ቢሆን የተሻለው ምርጫ አይደለም። ስለዚህ «ካርዱ ዋጋውን መለሰ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ልዩነት ትልቅ ቦታ አለው፤ ጉዞዎቻችን በጠባያቸው ሁለት ዓይነት ናቸውና። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ገና፣ ፋሲካ፣ በፍራንክፈርት ቆንስላ የፓስፖርት ጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ ቀናቸው ከወራት ወይም ከሳምንታት በፊት ይታወቃል፤ ስለዚህም በሽፓርፕራይስ ይሄዱባቸዋል። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። መርዶው ማታ ይሰማል፣ ጠዋት መሄድ ነው፤ መቼ እንደሚመለሱም አይታወቅም፤ ሰው በሐዘንተኛ ቤት ተቀምጦ የባቡር ሰዓት አይቆጥርም። ፍሌክስፕራይስ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ነው።

አንዲት በኮሎኝ የምትኖር እህት እንውሰድና ዓመቷን በገንዘብ እንከተል፤ የቲኬት ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ የወሰንኳቸው እኔ ነኝ። ለገናና ለፋሲካ ሙኒክ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ደርሳ ትመለሳለች፤ አስቀድማ ስለምትገዛ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ 70 ዩሮ ይሆንባታል፤ በሁለቱ 140 ዩሮ። በሽቱትጋርት ሠርግ አለባት፤ 60 ዩሮ። ለፓስፖርት ፍራንክፈርት ትሄዳለች፤ 50 ዩሮ። እስካሁን ሁሉም ሽፓርፕራይስ ነው፤ ድምሩ 250 ዩሮ። በዓመቱ አጋማሽ በርሊን ለቅሶ ትደርሳለች፤ ደርሶ መልሱን በፍሌክስፕራይስ 240 ዩሮ ትከፍላለች። ጠቅላላው ወጪ ያለ ካርድ 490 ዩሮ ነው።

ባህንካርድ 25 ቢኖራት ቲኬቶቹ 367.50 ዩሮ ይሆኑና የካርዱ 62.90 ሲጨመር 430.40 ዩሮ ታወጣለች፤ 59.60 ዩሮ ዳነላት ማለት ነው። ባህንካርድ 50 ቢኖራት ሽፓርፕራይሶቹ 187.50፣ የበርሊኑ ቲኬት 120 ይሆናል፤ የካርዱ 244 ሲጨመር ጠቅላላው 551.50 ዩሮ ይደርሳል። ይህች እህት አምስት ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ሄዳለች፤ በጸሐፊው መለኪያ ሳታመነታ ባህንካርድ 50ን መግዛት ነበረባት። ብትገዛ ግን ካርድ ከሌላት 61.50 ዩሮ የበለጠ፣ ትንሹ ካርድ ካላት ደግሞ 121.10 ዩሮ የበለጠ ታወጣ ነበር።

ባህንካርድ 50 ለማንም አይሆንም አላልኩም። በፍራንክፈርት በፈረቃ የሚሠራ፣ ልጁ ከእናቷ ጋር በካሰል የምትኖር አባት እናስብ። የፈረቃው ሰሌዳ ዘግይቶ ስለሚወጣና ተረኝነቱ ስለሚለዋወጥ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ቲኬት ቢገዛ ደጋግሞ ይባክንበታል፤ በተለይ ሱፐር ሽፓርፕራይስ ቢቀር ገንዘቡ አይመለስም። ደርሶ መልሱ በፍሌክስፕራይስ 80 ዩሮ ቢሆንና በዓመት አሥር ጊዜ ቢሄድ 800 ዩሮ ይሆናል። በባህንካርድ 25 ይህ 662.90 ዩሮ ይሆንበታል፤ በባህንካርድ 50 ደግሞ 644 ዩሮ። ትልቁ ካርድ አሸነፈ፤ ግን በ18.90 ዩሮ ብቻ። አሥር ሙሉ ጉዞ በውዱ ቲኬት ሄዶ ልዩነቱ ይህን ያህል ብቻ መሆኑ፣ መስመሩ ምን ያህል ሩቅ ላይ እንደተሰመረ ያሳያል። አንዱ ጉዞ ቢቀርበት፣ 720 ዩሮ ላይ፣ ሚዛኑ ወደ ትንሹ ካርድ ያጋድላል።

ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ወላጆቻችን ግን መስመሩ ቅርብ ነው። ለእነርሱ ባህንካርድ 25 በ40.90፣ ባህንካርድ 50 በ122 ዩሮ ስለሚሸጥ ልዩነቱ 81.10 ዩሮ ነው፤ በፍሌክስፕራይስ ከ324.40 ዩሮ በላይ የሚያወጡ ከሆነ ትልቁ ካርድ ይሻላቸዋል። የፕላስቲኩ ካርድ ከጁን 2024 ጀምሮ ስለቀረና ካርዱ የሚቀመጠው በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ መግዛቱንም ማሳየቱንም ልጆቻቸው ቢያግዟቸው መልካም ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ባህንካርድ 25ንና ርካሽ ቲኬትን ይመለከታል። ቅናሹ በርካሹ ቲኬት ላይም ይሠራል፤ 40 ዩሮ የነበረው ሱፐር ሽፓርፕራይስ 30 ዩሮ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ስድስት ቲኬቶች የሚያድኑት 60 ዩሮ ስለሆነ ለካርዱ ለጥቂት አይበቁም፤ ሰባተኛው ሲጨመር 70 ይሆንና ካርዱ ተመልሶ ይተርፋል። መሄድና መመለስ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ፣ ሰባት ቲኬት ማለት ሦስት ተኩል ደርሶ መልስ ነው። ይህ ለብዙዎቻችን ሩቅ አይደለም። ለዚህ ሰው የሚጠቅመው ካርድ ባህንካርድ 25 ነው እንጂ ባህንካርድ 50 ሊሆን አይችልም፤ ትልቁ ካርድ በዚሁ 25 በመቶ ቅናሽ 244 ዩሮ እንዲመልስ 976 ዩሮ የሚያወጣ ርካሽ ቲኬት መግዛት ያስፈልጋልና።

እዚህ ላይ ካርዱ የሚጀምርበትን ቀን መምረጥ ከሚታሰበው በላይ ይጠቅማል። ካርዱ የሚቆጠረው ተጓዡ ከመረጠው ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ወር እንጂ ከጃንዩዌሪ እስከ ዲሴምበር አይደለም። ቲኬቱን ቀድሞ በቅናሽ መግዛት ይቻላል፤ የሚፈለገው ካርዱ በጉዞው ቀን የጸና መሆኑ ነው። የእኛ ፋሲካ ደግሞ ቀኑ ተንቀሳቃሽ ነው። በ2025 በኤፕሪል 20፣ በ2026 በኤፕሪል 12 ስለዋለ፣ በኤፕሪል 17 ቀን 2025 የጀመረ ካርድ ሁለቱንም ፋሲካዎች ያቅፋል፤ አንድ ካርድ ሁለት የበዓል ጉዞ ሸፈነ ማለት ነው። በአንጻሩ በ2027 ፋሲካ በሜይ 2 ስለሚውል፣ በ2026 ፋሲካ ዋዜማ የጀመረ ካርድ አይደርስበትም። ሌላም ነገር አለ፤ በዓላችን ከጀርመኖቹ ፋሲካ ሲርቅ፣ ለምሳሌ በ2024 እነርሱ በማርች 31 እኛ በሜይ 5 እንዳከበርነው፣ ባቡሮቹ በእነርሱ የበዓል ተጓዥ ስለማይጨናነቁ ርካሹ ቲኬት የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። እንደ 2025 ሁለቱ በአንድ ቀን ሲውሉ ግን ቀደም ብሎ መግዛት ግድ ነው።

ወደ ዶይችላንድ ቲኬት ስንመጣ፣ ጸሐፊው የተናገሩት ከፊል እውነት አለው። ይህ ወርሃዊ ቲኬት በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በጃንዩዌሪ 2025 ወደ 58፣ በጃንዩዌሪ 2026 ደግሞ ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ በከተማ ትራንስፖርትና በአካባቢ ባቡሮች በመላ አገሪቱ ያስኬዳል፤ በአይሲኢና በሌሎቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች ግን አያስኬድም። ስለዚህ ካርዱን አይተካውም፤ የሚያደርገው ካርዱ የሚቀንስለትን ወጪ ማሳነስ ነው። የኮሎኟ እህታችን ለሥራዋ ይህን ቲኬት ከያዘች፣ ወደ ፍራንክፈርት ራይንን ተከትሎ በሚሄደው የአካባቢ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዛ 50 ዩሮዋን ልታድን ትችላለች። የቀሩት ቲኬቶቿ 440 ዩሮ ይሆናሉ፤ ባህንካርድ 25 አሁንም 47.10 ዩሮ ያተርፍላታል። ኮሎኝ ሙኒክን በአካባቢ ባቡር እየቀያየሩ መሄድ ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድ ለበዓል ጉዞ አይመከርም። የካሰሉ አባት ግን ከአሥሩ ጉዞዎች አምስቱን በአካባቢ ባቡር ቢያደርግ ፍሌክስፕራይሱ ወደ 400 ዩሮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባህንካርድ 50 ጠቅላላ 444 ዩሮ ስለሚያስወጣው ከምንም ካርድ የባሰ ይሆናል፤ ባህንካርድ 25 ግን በ362.90 ዩሮ ያስኬደዋል። የአካባቢ ትራንስፖርት ማኅበራት በራሳቸው ታሪፍ በሚሸጧቸው ቲኬቶች ላይ የባህንካርድ ቅናሽ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራም ማወቅ ያስፈልጋል።

በተጓዝን ቁጥር ትርፋችን እየጨመረ ይሄዳል በሚለው የመጨረሻ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ለካርዱ የወጣው ገንዘብ ወጥቷል፤ ስንጓዝ ብንውል አይመለስም። ካርዱ ባይኖር ኖሮ ልንሄድበት ያላሰብነውን ጉዞ «ቅናሽ አለኝ» ብለን ብንሄድ፣ የቲኬቱ ሦስት አራተኛ ወይም ግማሽ ከኪሳችን አዲስ ይወጣል እንጂ አልዳነም። ትርፍ ተብሎ የሚቆጠረው ካርድ ባይኖርም በምንሄድበት ጉዞ ላይ የቀነሰልን ብቻ ነው፤ እሱም የሚለካው ያለ ካርድ ልንገዛ ከነበረው ቲኬት ነው። አስቀድሞ በ35 ዩሮ ሽፓርፕራይስ ይሄድ የነበረ ሰው፣ አሁን ካርድ ስላለው ዝም ብሎ 90 ዩሮ የነበረውን ፍሌክስፕራይስ በ45 ዩሮ ቢገዛ፣ ደረሰኙ ላይ 45 ዩሮ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን 10 ዩሮ ጨምሮ ከፍሏል። ይህ ባህንካርድ 50 ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው፤ ካርዱ ቀድሞ የመግዛትን ልማድ ያስረሳል። ከጓደኞች ጋር በአንድ መኪና ወይም በረጅም ርቀት አውቶቡስ ይሄዱበት የነበረ ጉዞም እንዲሁ ነው፤ የሚወዳደረው ከዚያው ወጪ ጋር እንጂ ከባቡሩ ሙሉ ዋጋ ጋር አይደለም።

ስለዚህ ካርድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ያለፈውን ዓመት ቲኬቶች ከኢሜይሉ ወይም ከመተግበሪያው አውጥቶ ሁለት ድምር ይሥራ፤ የፍሌክስፕራይሱን ለብቻው፣ የሽፓርፕራይሶቹን ለብቻው። በዚህ ዓመት የማይደገሙትን ይሰርዝ፤ የሚታወቁትን አዳዲስ ጉዞዎች ይጨምር። ለመጪው ጉዞ መነሻ ዋጋውን ለማየት በመግዣው ገጽ የቅናሽ ምርጫው ላይ `Keine Ermäßigung` የሚለውን ይዞ መፈለግ ነው፤ ቀጥሎ `BahnCard 25` መርጦ ቢያወዳድር ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። ሁለቱ ድምሮች አንድ ላይ 251.60 ካልሞሉ ምንም ካርድ አይግዛ፤ ከሞሉ ትንሹን ይግዛ፤ የፍሌክስፕራይሱ ድምር ብቻውን 724.40 ካለፈ ትልቁን ይግዛ። የካርዱ ዋጋ ከተለወጠ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ የሚካፈሉበት መንገድ ግን ያው ነው።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር ይቀራል። ባህንካርድ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ቲኬት ሳይሆን ደንበኝነት ነው፤ በውሉ በተጻፈው የማሳወቂያ ጊዜ ውስጥ ካልተቋረጠ ለሚቀጥለው ዓመት በሙሉ ዋጋው ይታደሳል። ከኮሎኝ ወደ በርሊን ለቅሶ የተሄደበት ዓመት በሚቀጥለው አይደገም ይሆናል፤ ሥራ ይለወጣል፤ ዘመድ ከተማ ይቀይራል። ያለ ሐሳብ የታደሰ ባህንካርድ 25 በመጀመሪያው ዓመት ያዳነውን 59.60 ዩሮ ብቻውን ጨርሶ ይበላዋል። ማቋረጫውን ካርዱ በተገዛበት ሳምንት መላክ ይቻላል፤ እንዲህ ማድረጉ ካርዱን አያሳጥረውም፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ድረስ እንደ ጸና ይቆያል፤ በቀጣዩ ዓመትም ያስፈልጋል ከተባለ፣ ከመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ ቀን ጀምሮ አዲስ ማውጣት ይቻላል።